ከሊንኩ በፊት የምትቀመጠው አንዲት መስመር

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የአውሮፓ ኮሚሽን አንድ የፍተሻ ውጤት ይፋ አደረገ። ከአባል አገራት የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ 576 ኢንፍሉዌንሰሮችን ተመልክቷል። 97 በመቶዎቹ የንግድ ይዘት ይለጥፋሉ። ይዘቱ ማስታወቂያ መሆኑን ሁልጊዜ የሚናገሩት ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ናቸው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ ወሬው ቶሎ ብሎ «አጭበርባሪዎቹ እነማን ናቸው?» ወደሚለው ያዘነብላል። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። እንደተከፈለው ጭራሽ የሚደብቅ አለ። «እኔ እኮ ተናግሬያለሁ» የሚልም አለ። እውነቱን ነው፣ ተናግሯል። የተናገረው ግን በገጹ ግርጌ በደበዘዘ ፊደል፣ ወይም ማንም በማይከፍተው «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ውስጥ ነው። እዚህ የምናየው በተለይ ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው፤ በብሎጉ ላይ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ግምገማ የሚጽፈውን፣ ከሊንኩ ጥቂት የሚያገኘውን፣ መደበቅም የማይፈልገውን።

## ገንዘቡ በየት በኩል ያልፋል?

አፊሊዬት ሊንክ ማለት ገዢውን የላከው ማን እንደሆነ ለሻጩ የሚነግር ሊንክ ነው። ነገሩ ከድለላ ብዙም አይርቅም። ገዢ ታመጣለህ፣ ሽያጩ ሲፈጸም ድርሻህን ትቀበላለህ። ልዩነቱ ደላላ ደላላ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ይህኛው ሊንክ ግን ላይ ላዩን ከሌላው ሊንክ አይለይም። አድራሻውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ብቻ ምልክቱን ያገኘዋል፦

```
https://example.com/hosting?ref=myblog
```

ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ ያለው የጦማሪው መለያ ነው። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ሻጩ ብራውዘሩ ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ማስታወሻ ይተዋል። ኩኪዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ግዢው ለጦማሪው ይመዘገባል። ዕድሜዋ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። በአማዞን ዘንድ በመደበኛው 24 ሰዓት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሰውየው የገዛው ጦማሪው የጻፈበትን ዕቃ ባይሆንም በአብዛኛው ኮሚሽን ይታሰብበታል።

ስፖንሰር የተደረገ ጽሑፍ ሌላ ነው። እዚያ ገንዘቡ ከሽያጭ ጋር አይታሰርም። ድርጅቱ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ጽሑፉ ይወጣል፣ አንድም ሰው ባይገዛ ክፍያው ክፍያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውል ይኖረዋል። ውሉ ውስጥ መነሳት ያለባቸው ነጥቦች ሊዘረዘሩ ይችላሉ፤ ድርጅቱ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አይቶ የማጽደቅ መብትም ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፉን የሚጎትቱት ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። ስፖንሰሩ ቃላቱን ይጎትታል። ኮሚሽኑ ደግሞ የሚጎትተው ምርጫውን ነው፤ ምን ተጻፈ፣ ምን ተተወ፣ ማን አንደኛ ወጣ የሚለውን። ይህ ሁለተኛው ለማየት ከባድ ስለሆነ በምሳሌ እንየው።

## አንድ ግምገማ በቅርብ ሲታይ

ዌብ ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጽን በኪራይ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዘርፉ ለአንድ ደንበኛ ጠቀም ያለ ቁርጥ ክፍያ በመስጠት ይታወቃል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ የታሰቡ ናቸው።

አንድ ጦማሪ ሦስት አገልግሎቶችን ለአንድ ወር ሞከረ እንበል። ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። በፍጥነት ሐ ይቀድማል፣ ለ ይከተላል፣ ሀ መጨረሻ ነው። ሀ ለሚያመጣለት ደንበኛ 100 ዶላር ይከፍላል። ለ 20 ዶላር። ሐ የአፊሊዬት ፕሮግራም የለውም። ከ1,000 አንባቢ 40ው ሊንክ ይጫናሉ፣ ከእነዚያ 5ቱ ይገዛሉ ብንል፣ አምስቱም ወደ ሀ ከሄዱ 500 ዶላር ነው። ወደ ለ ከሄዱ 100። ወደ ሐ ከሄዱ ባዶ እጅ።

አሁን ጽሑፉ ላይ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ጦማሪው አይዋሽም። «ጽሑፉ እንዳይረዝም ሁለቱን ብቻ እንይ» ይልና ሐን ያስቀረዋል። ፍጥነቱን ሲያነሳ «ልዩነቱ ለጀማሪ ያን ያህል አይታይም» ይላል፤ ይህም ሐሰት ላይሆን ይችላል። የሀን የመግቢያ ዋጋ፣ በወር 3 ዶላር የሚለውን፣ አርዕስቱ ሥር በጉልህ ያስቀምጠዋል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ኪራዩ 11 ዶላር መግባቱ ደግሞ ወደ መጨረሻው አንቀጽ ይወርዳል። በመጨረሻ ሀ «ለጀማሪ ምርጥ» የሚል ማዕረግ ያገኛል።

አንድም የሐሰት ዓረፍተ ነገር የለም። ጽሑፉ ግን ዘንብሏል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጦማሪው ራሱ መዘንበሉን ላያውቅ መቻሉ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን መጋደላቸው ብቻ ነው የሚያጠራጥረው።

አንባቢው ስለ 100 ዶላሩ ቢያውቅ ምን ያደርግ ነበር? ጽሑፉን አይጥለውም። ደረጃ አሰጣጡን በጥርጣሬ ያያል፣ «ሌላ አማራጭ የለም ወይ?» ብሎ ይፈልጋል፣ የእድሳት ዋጋውን ቀድሞ ያነባል። የፍጥነት ልኬቱንና የአሠራር ማብራሪያውን ግን እንዳለ ይወስዳል፤ እነሱን ለማጣመም ኮሚሽኑ ብዙም ምክንያት አይሰጥም።

ሳያውቅ ቆይቶ በኋላ ራሱ ቢደርስበትስ? ያኔ የትኛው ክፍል እንደተነካና የትኛው እንዳልተነካ መለየት አይችልም። መለያ መስመር አልተሰጠውም። ስለዚህ ሁሉንም ይጥላል፣ ልኬቱንም፣ ማብራሪያውንም፣ ባለፈው ዓመት አንብቦ የወደደውንም ጽሑፍ። ማሳወቅ እምነትን የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ጥርጣሬን አያጠፋም። ጥርጣሬው ቦታውን እንዲይዝና ወደ ሌላው እንዳይዛመት ያደርጋል።

## የማሳወቂያው ቦታ ለምን ይህን ያህል ያከራክራል?

በዚህ ጉዳይ ዝርዝር መመሪያ ካወጡት መካከል የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍቲሲ፣ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የምስክርነት መመሪያውን ሲከልስ ጦማሪዎችን በግልጽ አስገባ፤ በ2023 ደግሞ እንደገና አደሰው። የመመሪያው መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። በጻፈው ሰውና በሻጩ መካከል ግንኙነት ካለ፣ አንባቢው ያንን ግንኙነት የማይጠብቅ ከሆነና ቢያውቅ ለጽሑፉ የሚሰጠው ክብደት የሚለወጥ ከሆነ፣ ይነገረው። ሲነገረውም በቀላሉ የሚያስተውለውና የሚገባው ሆኖ ነው። የ2023ቱ እትም በኢንተርኔት ላይ ሲሆን ማሳወቂያው አንባቢው ሳያየው ሊያልፈው የማይችል መሆን እንዳለበት ይናገራል።

ይህ መለኪያ ብዙ የተለመዱ ዘዴዎችን ከጨዋታ ውጪ ያደርጋል። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ አይበቃም፤ ከፍለጋ በቀጥታ ወደ ግምገማው የመጣ ሰው ያን ገጽ አይከፍተውም። የገጹ ግርጌም አይበቃም፤ ሊንኩን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የተጫነ ሰው ግርጌው ጋ አይደርስም።

ጦማሪዎች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉት ግን የጎን ዓምዱን ነው። በኮምፒውተር ስታየው ማሳወቂያው ከጽሑፉ ጎን ጉብ ብሎ ተቀምጧል፣ ደስ ይላል። ያንኑ ገጽ በስልክ ስትከፍተው የጎን ዓምድ የሚባል ነገር የለም። ብዙዎቹ የገጽ ንድፎች ጠባብ ስክሪን ላይ የጎን ዓምዱን ከጽሑፉ ሥር ይጥሉታል፤ አስተያየት መስጫው አካባቢ ማለት ነው። ጦማሪው በላፕቶፑ ጽፎ በላፕቶፑ ስለሚያየው ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስለዋል። አንባቢው ግን በስልኩ ነው ያለው።

ሌላው ማውጫ ነው። ረዥም ግምገማ ከላይ «የእኛ ምርጫ» ወደሚለው ክፍል የሚያስዘልል ሊንክ ሲኖረው፣ ዘልሎ የወረደ ሰው መግቢያውን አላነበበም። ስለዚህ መግቢያው ላይ አንድ መስመር አድርጎ፣ ከምርጫው ሰንጠረዥ በላይ ያንኑ በአጭሩ መድገም ይሻላል። ጽሑፉ በኢሜይል የሚላክ ከሆነም የተላከውን ቅጂ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ መስመሩ የጽሑፉ አካል ካልሆነና የገጹ ጌጥ ብቻ ከሆነ ኢሜይሉ ላይ ላይወጣ ይችላል።

መፈተኑ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ገጹን በስልክ፣ በግል መስኮት ክፈቱት። ከላይ ጀምራችሁ የመጀመሪያው ኮሚሽን የሚያስገኝ ሊንክ ጋ እስክትደርሱ አንብቡ፤ ከዚያ ቁሙ። እስከዚያ ድረስ ምንም ሳትጫኑ፣ ምንም ሳትከፍቱ ማሳወቂያውን አይታችኋል? ካላያችሁ አንባቢውም አላየም።

## በምን ቃል?

የቃል ችግሩ ከቦታው ይቀላል፣ ግን አለ። «ይህ ገጽ አፊሊዬት ሊንኮችን ይዟል» የሚለው መስመር ሙያውን ለሚያውቅ ሰው በቂ ነው። ለሌላው አንባቢ ግን ባዕድ ቃል ነው። ኤፍቲሲም ይህ ቃል ብቻውን ላይገባ እንደሚችል ይናገራል። አማዞን አባላቱ እንዲያስቀምጡ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገርም አለ፤ የአማዞን አሶሺየት እንደመሆኔ ብቁ ከሆኑ ግዢዎች ገቢ አገኛለሁ እንደማለት ነው። ውሉ የሚጠይቀው ስለሆነ ይቀመጥ። «ብቁ ግዢ» ምን እንደሆነ ግን ተራ አንባቢ ከየት ያውቃል? ከጎኑ ተራ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ምንም አይጎዳም፦ «በዚህ ጽሑፍ ባለው ሊንክ ከገዛችሁ ሻጩ ኮሚሽን ይከፍለኛል።»

ለስፖንሰር ጽሑፍ ደግሞ የሚያምሩ ግን የሚያድበሰብሱ ቃላት አሉ። «በመተባበር የቀረበ»፣ «ከወዳጆቻችን ጋር»፣ «እናመሰግናለን»። ምስጋና ለምን? አንባቢው ከዚህ ገንዘብ መከፈሉን አይረዳም። «ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ድርጅቱ ከፍሎኛል» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል፣ ግን ይገባል። ድርጅቱ ጽሑፉን ቀድሞ አይቶ ከነበረም እዚያው ማከል ነው፦ «ከመውጣቱ በፊት አንብቦታል» ወይም «አላነበበውም»። ለአንባቢ ይህች ሁለተኛ መረጃ ከመጀመሪያዋ ባልተናነሰ ትጠቅማለች።

አንድ ሌላ የተለመደ አነጋገርም አለ፤ «ለዚህ ግምገማ ምንም ገንዘብ አልተከፈለኝም»። ዕቃው በነጻ የተሰጠ ከሆነና የማይመለስ ከሆነ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል። በነጻ የተሰጠ ዕቃም ክፍያ ነው።

## ለጎግል የተነገረው ለአንባቢ አልተነገረም

ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ለተከፈለባቸው ሊንኮች አንድ ምልክት አስተዋውቋል፦

```
<a href="https://example.com/hosting?ref=myblog" rel="sponsored">
```

ከ2005 ጀምሮ የነበረው `nofollow` የሚለው ምልክትም አሁንም ያገለግላል። ሁለቱም ለፍለጋ ሞተሩ «ይህን ሊንክ እንደ ነጻ ድጋፍ አትቁጠረው» የሚሉ ናቸው፤ የመጀመሪያው በክፍያ የመጣ መሆኑንም ይናገራል። ይህን ያስገባ ጦማሪ ከጎግል ጋር ያለውን ሒሳብ አወራርዷል። ከአንባቢው ጋር ያለው ግን እንዳለ ነው፤ ምልክቱ ገጹ ላይ አይታይም።

## ተጠያቂው ጦማሪው ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2011 ሌጋሲ ለርኒንግ ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከኤፍቲሲ ጋር 250,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኩባንያው የጊታር ትምህርት በዲቪዲ ይሸጥ ነበር። አፊሊዬቶቹ በየጽሑፉና በየብሎጉ ትምህርቱን እያወደሱ ሊንክ ያስቀምጣሉ፤ ሽያጭ ሲመጣ ኮሚሽን ያገኛሉ። የኤፍቲሲ ክስ ጽሑፎቹ የተራ ደንበኛ ወይም የገለልተኛ ገምጋሚ ቃል መስለው ቀርበዋል፣ ክፍያው ግን በግልጽ አልተነገረም የሚል ነበር። በዚህ መንገድ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽያጭ መገኘቱንም ጠቅሷል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመው የስምምነቱ ሌላኛው ክፍል ነው። ኩባንያው ብዙ ሽያጭ የሚያመጡለትን 50 አፊሊዬቶች እየተከታተለ ስለሥራቸው በየወሩ ሪፖርት እንዲያቀርብ ተደረገ። ማለትም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የጻፉት እነሱ ናቸው» የሚለው መልስ አልሠራም። ዛሬ ብዙ የአፊሊዬት ፕሮግራሞች በውላቸው ላይ የማሳወቅ ግዴታ የሚያስገቡትና ያላከበረውን የሚያስወጡት ካለ ምክንያት አይደለም።

## «መናገሩ ራሱ ቢጎዳስ?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የሚሠጉት ለገቢያቸው ነው፤ አንባቢ «ኮሚሽን» የሚለውን ቃል ሲያይ ይሸሻል ይላሉ። ሊሆን ይችላል፣ የተወሰነ ሰው ይሸሻል። ግን ቢያውቅ ኖሮ ከማይጫን ሰው የመጣ ኮሚሽን፣ በትክክል ደንቡ ሊያስቀረው የፈለገው ገንዘብ ነው። ይህን መከራከሪያ ብዙም መግፋት የሚቻል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። ካይን፣ ሎወንስታይን እና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች በማሰሮ ውስጥ ያለ ሳንቲም ዋጋው ስንት እንደሆነ እንዲገምቱ አደረጉ። ገማቾቹ ማሰሮውን ከሩቅ ያዩታል። አማካሪዎች ደግሞ ቀርበው አይተው ምክር ይሰጣሉ። የአንዳንዶቹ አማካሪዎች ክፍያ የሚጨምረው ገማቹ አብልጦ ሲገምት ነበር። ይህ ጥቅማቸው ለገማቾቹ ሲነገር ምን ሆነ? አማካሪዎቹ ምክራቸውን ይበልጥ አጋነኑት። ገማቾቹ ትንሽ ቢጠራጠሩም የተጋነነውን ያህል አልቀነሱም።

ለጦማሪ ሲተረጎም እንዲህ ነው። «ኮሚሽን እንደማገኝ ነግሬያቸዋለሁ፣ የቀረው የራሳቸው ጉዳይ ነው» ብሎ የልብ ልብ የሚሰማው ሰው፣ ከመናገሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ሊያጋድል ይችላል። መስመሯ እንደ ፈቃድ ወረቀት ታገለግለዋለች። ከላይ ባለው የሆስቲንግ ምሳሌ፣ አንዲት ማሳወቂያ አናቱ ላይ ብትጨመርና ሐ ከዝርዝሩ እንደወጣ ቢቀር፣ አንባቢው ብዙ አልተጠቀመም።

ይህ ግን ማሳወቅን የሚያስቀር አይደለም፤ ለይስሙላ የሚደረገውን ማሳወቅ እንጂ። ማሳወቂያው ኮሚሽኑ የሚጎትተውን ነገር ስሙን ጠርቶ ሲነካ ነው ጥቅም ያለው። የሆስቲንጉ ጦማሪ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ሀ እና ለ በዚህ ሊንክ ከተመዘገባችሁ ይከፍሉኛል፤ ሀ ከለ አምስት እጥፍ ይከፍላል። ሐ ምንም አይከፍለኝም። በፍጥነት ልኬቴ ሐ አንደኛ ነው። ሀን የማነሳው መጀመር ቀላል ስለሆነ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ግን ወርኃዊው ዋጋ ከ3 ወደ 11 ዶላር ይወጣል።»

ኤፍቲሲ በአብዛኛው የሚጠይቀው ግንኙነቱ እንዲታወቅ እንጂ መጠኑ እንዲዘረዘር አይደለም። ስለዚህ «አምስት እጥፍ» የምትለው ቃል ከግዴታ በላይ ናት። ግን ይህን ከጻፈ በኋላ ጦማሪው ሐን ከዝርዝሩ ማውጣት ያሳፍረዋል። የእድሳት ዋጋውንም ወደ መጨረሻ መግፋት አይችልም፣ አናቱ ላይ አስቀምጦታል። መስመሯ አንባቢውን ከመጠበቋ በፊት ጸሐፊውን ያዘችው ማለት ነው።

## የድሮዎቹ ጽሑፎች

አዲስ ጽሑፍ ላይ መጠንቀቅ ቀላል ነው። የሚረሳው ማኅደሩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያለ ምንም ክፍያ የተጻፈ ግምገማ አለ እንበል፤ ውስጡ «በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ሞከርኩት» ይላል። ዛሬ ጦማሪው ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ሊንኩን ብቻ ይቀይረዋል። ጽሑፉ ያው ነው። «በራሴ ገንዘብ» የሚለው እውነት ሆኖ ይቆያል፣ አሁን ግን ከጎኑ ኮሚሽን የሚያስገኝ ሊንክ አለ። ማሳወቂያውም በዚያው ቀን መግባት አለበት።

የባሰው ደግሞ ራሱ የሚሠራው ዓይነት ነው። በገጹ ላይ ያሉትን ተራ ሊንኮች አንባቢው በሚጫንበት ቅጽበት ወደ አፊሊዬት ሊንክ የሚቀይሩ አገልግሎቶች አሉ። አንዴ ከተጫኑ ጦማሪው የትኛው ሊንክ እንደሚከፍለው ራሱም አያውቀውም፤ የጽሑፉን ምንጭ ቢፈልግ እንኳ `?ref=` የሚል ነገር አያገኝም፣ መለያው የሚገባው ሲጫኑት ነውና። እንዲህ ያለ አገልግሎት የጫነ ሰው ሊንክ እየለየ ማሳወቅ አይችልም። ያለው አማራጭ እያንዳንዱን ገጽ እንደሚከፈልበት ቆጥሮ ሁሉም አናት ላይ መስመሯን ማስቀመጥ ነው። ካልሆነም አገልግሎቱን አጥፍቶ ኮሚሽን የሚያስገኙትን ሊንኮች በእጁ፣ አንድ በአንድ ማስገባት።